ቲቪውን ሞኒተር ባደርገው ማውሱ ይጎተታል፣ ፊደሉም ጠርዝ አወጣ። ምኑን ላጥፋው?

ፊደል_ለቃሚ (ደብረ ብርሃን)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት ሥራ ቤት አለችኝ። የሠርግ ጥሪ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የመጣውን ሁሉ እተይባለሁ። የላፕቶፔ ስክሪን ጠቦኝ ዓይኔን ስላደከመው፣ 43 ኢንች 4ኬ ቲቪ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ሱቅ ውስጥ ለእይታ ተሰቅሎ የነበረ ስለሆነ ቀነሱልኝ። በኤችዲኤምአይ ሰካሁት፣ ምስሉ መጣ፣ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እስከ መጀመሪያው ገጽ ብቻ ነበር።

ማውሱን ስገፋው ቀስቱ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚከተለኝ። ጠላ የቀመሰ ይመስላል። ጥቁሩ ፊደል ዙሪያውን ነጭ መስመር አለው፣ የ«ሴ» ቀለበት ይደፈንና «ሲ» ይመስለኛል። ለታይፒስት ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ትናንት የሙሽራዋን ስም ተሳስቼ ልሰጥ ነበር። በቀይ የማርማቸው ቃላት ደግሞ ታጥቦ እንደለቀቀ ጨርቅ ይደበዝዛሉ። ከታች ያለው የሰዓቱ መስመር ግማሹ ተቆርጧል።

ፊልም በፍላሽ ስከፍትበት ግን አንድም ችግር የለው። ለአንድ ጠጋኝ ባሳየው «ፓነሉ ሄዷል፣ ይቀየር» አለኝ። እውነት ነው?

ሮቢት_60 (ሸዋ ሮቢት)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

ጌም ሞድ አብሪው፣ አለቀ። እኔ ኳስ ጌም ስጫወት እንደዛው ነበር፣ በተኑን ተጭኜ ተጫዋቹ ነገ ነው የሚመታው። ጌም ሞድ ሳበራ ጠፋ። ኬብልሽንም ቀይሪው፣ ጫፉ ወርቅማ የሆነውን ግዢ፣ ፊደሉ ይጠራል።

ቆሎ_ከሞላሌ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

እህቴ ያን የቲቪውን እንቅስቃሴ ማለስለሻ እንዳታጠፊው! እኔ ባለፈው ልጄ ነካክቶ ቢያጠፋብኝ ኳሷ ሜዳው ላይ እየዘለለች አስቸገረችኝ። መልሼ ሳበራው እንደ ቅቤ ሆነ። በዲሽ ለሚያይ ሰው ጥሩ ነገር ነው።

ሮቢት_60
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ጋሼ፣ ልጅቷ ስለ ጽሕፈት እኮ ነው የጠየቀችው 😂

የደብረሲናው_ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:40

ፓነሉ ምንም አልሆነም፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። ፓነል ሲበላሽ ፊልሙም ላይ መስመር ወይም ጥቁር ነጥብ ያሳይሻል። ያንቺ ቲቪ ያልታዘዘውን ሥራ እየሠራ ነው እንጂ ጤነኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲቪ የሚሠራው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነው። ኮምፒውተርሽ ለእያንዳንዷ ነጥብ ቀለሟን ለይቶ ልኮለታል። እሱ ግን የመጣው ሁሉ ፊልም ወይም ኳስ ይመስለውና «ላሳምርልሽ» ይላል። ጠርዙን ያሰላል፣ ጭጋጉን ያብሳል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል።

የማውሱ መጎተት ዋናው ምክንያት ማለስለሻው ነው። ቲቪው በሁለት ምስሎች መሃል ሌላ ምስል ከራሱ ፈጥሮ ያስገባል። መሃለኛውን ለመሥራት ግን መጀመሪያ የሚቀጥለው ምስል መድረስ አለበት። ስለዚህ የደረሰውን ይዞ ይጠብቃል፣ ከዚያ ያሰላል፣ ከዚያ ያሳያል። ፊልም ላይ ድምፁም አብሮ ስለሚዘገይ አታውቂውም። በእጅሽ ማውስ ስትይዢ ግን እጅሽ ይቀድማል። ጋሽ ቆሎም ልክ ናቸው፣ ለኳስ ያምራል። ማየትና በእጅ ማዘዝ ይለያያሉ።

ስሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ሳምሰንግ ላይ Auto Motion Plus ወይም Picture Clarity ይባላል፣ ኤልጂ ላይ TruMotion፣ ሶኒ ላይ Motionflow። ሌሎቹ ላይ Motion የሚል ቃል ያለበትን ፈልጊ። ግን ከዚያ አትጀምሪ። መጀመሪያ የሰካሽበትን ኤችዲኤምአይ ስሙን ወይም ምልክቱን ወደ PC ቀይሪው። ሳምሰንግም ኤልጂም ላይ የግብአቶቹ ዝርዝር ውስጥ አርትዖት አለ። «የመጣው ኮምፒውተር ነው» ብለሽ ስትነግሪው አብዛኛውን ማሳመር በራሱ ይተዋል። ከዚያ በኋላ የ Motion ሜኑ ደብዝዞ አልነካ ካለሽ አትደንግጪ፣ ጠፍቷል ማለት ነው።

ወርቅማ ኬብሉን እርሺው። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው። ኬብሉ ሲደክም ብልጭታ ያሳያል፣ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ጭራሽም ይጠፋል። ለ«ሴ» ብቻ ነጭ ጠርዝ የሚያወጣ ኬብል የለም።

ሮቢት_60
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:15

የኬብሉን ተቀብያለሁ። ግን ጌም ሞድም እኮ ማለስለሻውን ያጠፋል። ታዲያ PC ምን ጨመረ?

የደብረሲናው_ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:50

መጎተቱን ይቀንሳል፣ እውነትህን ነው። ቀዩ ፊደል ላይ ነው የሚለያዩት። ቲቪ ለፊልም ሲሠራ የብርሃኑን ልዩነት ነጥብ በነጥብ ይይዛል፣ ቀለሙን ግን ለጎረቤት ነጥቦች አካፍሎ አንድ ያደርገዋል። ፊት ወይም ሣር ላይ ዓይን አይለየውም። ቀጭን ቀይ ፊደል ላይ ግን ቀለሙ ወደ ጎን ይፈስሳል። PC ሲባል ይህን ማካፈል ይተወዋል። ጌም ሞድ ላይ የሚተዉም አሉ፣ የማይተዉም አሉ። እሷ ሁለቱንም ሞክራ ትንገረን።

ፊደል_ለቃሚ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

መጣሁ። መጀመሪያ አሳፋሪውን ልናገር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሁሉንም ሳጠፋ ቆይቼ ምንም አልተለወጠም። ለካ የዲሹ ግብአት ላይ ሆኜ ነው! ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ 2 ላይ፣ እኔ የነካካሁት ኤችዲኤምአይ 1። የምስል ቅንብሩ ለየግብአቱ ለብቻው እንደሚቀመጥ አላወቅኩም ነበር።

ከዚያ በትክክለኛው ላይ ጌም ሞድ አበራሁ። ማውሱ ጥሩ ሆነ፣ ቀዩ ፊደል ግን እንደ ፈሰሰ ቀረ። ጌም ሞዱን ትቼ ምልክቱን PC ሳደርገው፣ ቴሌቪዥኑ ለአፍታ ጨለመና ተመለሰ፣ ቀዩም ቁልጭ አለ። የደብረሲናው ጋሼ ያሉት በትክክል ሠራ። እግዜር ይስጥልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ መለኪያ አሳየኝ። ላፕቶፑና ቲቪው አንድ ዓይነት ነገር እንዲያሳዩ አደረገና የሚቆጥር ሰዓት ከፈተ። ሁለቱን ስክሪን በአንድ ላይ በስልክ ፎቶ አነሳ። ቲቪው ወደ ኋላ የቀረበት ልዩነት መዘግየቱ ነው። ቅንብሩን ወደ ቀድሞው መልሶ ሲያነሳ ላፕቶፑ 8.41 ሲል ቲቪው 8.29 ነበር። PC ሲሆን ላፕቶፑ 5.63፣ ቲቪው 5.60።

የደብረሲናው_ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:05

ወንድምሽ ጎበዝ ነው። ከ120 ሚሊ ሰከንድ ወደ 30 መውረድ ማለት ነው። ግን በአንድ ፎቶ አትፍረዱ። ስክሪኑ ራሱ በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚታደሰው፣ አንዱ ዙር ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ሰባት ስምንት አንስታችሁ መሃለኛውን ውሰዱ። ደግሞ የተለካው ቲቪው ከላፕቶፑ ስክሪን በላይ የጨመረው ብቻ ነው።

የነጩ ጠርዝና የተቆረጠው መስመርስ?

ፊደል_ለቃሚ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:20

ነጩ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። Sharpness 50 ላይ ነው ያለው። መስመሩ አሁንም ተቆርጧል።

ሮቢት_60
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:24

Sharpness ዜሮ አድርጊው። የተቆረጠውን ደግሞ ከላፕቶፑ ግራፊክስ ቅንብር ምስሉን ትንሽ አሳንሺው፣ ይገባል።

የደብረሲናው_ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10

ሮቢት፣ ማሳነሱን አልስማማም። ድሮ የቱቦ ቲቪ ዘመን የምስሉ ጠርዝ ንጹሕ ስላልነበር ቲቪው ትንሽ አሳድጎ ጠርዙን ከፍሬም ውጭ ይደብቀው ነበር። ያ ልማድ ዛሬም አልቀረም። አሁን ቲቪው አሳድጎታል። አንተ ላፕቶፑን አሳንስ ስትለው፣ ላፕቶፑ ያሳንሳል፣ ቲቪው መልሶ ያሳድጋል። ፊደሉ ሁለት ጊዜ ተፈጭቶ ነው የሚደርሳት። መስመሩ ይገባል፣ ጽሑፉ ግን ይታሻል። መፍትሔው ቲቪው ማሳደጉን እንዲተው ማድረግ ነው። Picture Size ወይም Aspect የሚለው ውስጥ ነው። ኤልጂ ላይ Just Scan፣ ሳምሰንግ ላይ Screen Fit ወይም Fit to Screen ይባላል። ነጥብ ለነጥብ ሲገጥም የተቆረጠው ብቻ ሳይሆን የፊደሉም ብዥታ አብሮ ይጠራል።

Sharpness ላይ ደግሞ ዜሮ ሁልጊዜ «ጠፍቷል» ማለት አይደለም። ሶኒ ላይ መሃሉ 50 ነው ምንም የማይጨምረው፣ ከዚያ ስትወርጂ ማለስለስ ይጀምራል። ቁጥሩን አትመኚው፣ ዓይንሽን ተማመኚ። ግን ነጭ ገጽ ላይ አትሞክሪው። ነጭ ጠርዝ በነጭ ላይ በደንብ አይለይም። ገጹን መካከለኛ ግራጫ አድርገሽ ጥቁር «ሴ»፣ «ቤ»፣ «ቴ» በትንሽ መጠን ጻፊ። ነጩ ክር እስኪጠፋ አውርጂ። ፊደሉ ብዥ ማለት ሲጀምር አንድ ሁለት ከፍ አድርጊና ተዪው።

ፊደል_ለቃሚ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:30

ዜሮ ላይ ፊደሉ ብርድ ልብስ የለበሰ መሰለ። (ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሁላችንም እንደዛው ነን።) 20 ላይ ጠርዙ ጠፋ፣ ቀለበቶቹም ተከፈቱ። የመስመሩም ተስተካከለ፣ ሰዓቱን አየሁት።

አሁን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ስንለካው ማውሱ ጥሩ ነበር። ዛሬ ቲቪውን ለብቻው ዋና ስክሪን አድርጌ፣ 4ኬ አድርጌ ስሠራበት ግን እንደገና ተበላሸ። መጎተት አይደለም፣ ቀስቱ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ገጽ ስገለብጥም ይንተፋተፋል። Motion ደብዝዞ ጠፍቷል፣ አየሁት።

የደብረሲናው_ጠጋኝ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:15

ይሄ ሌላ በሽታ ነው፣ ከላፕቶፑ ነው የሚመጣው። ዊንዶውስ ላይ Settings፣ System፣ Display፣ Advanced display ግቢና የቲቪውን Refresh rate እዪ። ስንት ይላል?

ፊደል_ለቃሚ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:22

30 ሄርዝ። ሌላ ምርጫ የለውም፣ ከ30 በታች ብቻ ነው ያለው።

የደብረሲናው_ጠጋኝ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:00

እንደጠረጠርኩት። የላፕቶፕሽ መውጫ ኤችዲኤምአይ 1.4 ሳይሆን አይቀርም። እሱ 4ኬን በሰከንድ 30 ጊዜ ነው የሚችለው። ለ60 ከ2.0 ጀምሮ ያስፈልጋል። ትናንት ስትለኩ ሁለቱም ስክሪን አንድ ዓይነት ስለነበረ ምስሉ ወደ ላፕቶፑ መጠን ወርዶ ነበር፣ በዚያ መጠን 60 ይችላል። ለዚህ ነው ልኬቱ ያማረው። ዛሬ ቀስቱ በሰከንድ 30 ቦታ ብቻ ስለሚታይ ይዘላል።

እንዲያውም እዚህ ላይ ነው ማለስለሻው ሰውን የሚሸውደው። 30ውን በመሃል ሞልቶ ለስላሳ ያስመስለዋል፣ መዘግየቱን ግን ይጨምራል። እና ሰው «ሳጠፋው ባሰብኝ» ብሎ መልሶ ያበራዋል።

ምርጫሽ ሁለት ነው። 4ኬ በ30፣ ወይም 1920 በ1080 በ60። ሁለተኛው ላይ አንዷ ነጥብ በአራት ነጥብ ቦታ ትዘረጋለች፣ ማውሱ ለስላሳ ይሆናል፣ ፊደሉ ግን ይወፍራል፣ ትንሽም ይለሰልሳል። እኔ ብሆን 60ውን እመርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ የሚዘል ቀስት ማየት ራስ ያዞራል።

ሮቢት_60
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:20

እኔም 60። ከ30 ጋር ኑሮ የለም።

ፊደል_ለቃሚ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:45

ሁለታችሁንም አክብሬ፣ እኔ 4ኬ በ30 ነው የመረጥኩት። መጠኑን 150 በመቶ ሳደርገው «ሴ» በሩቅ ይታያል። 1080 ላይ የቀለበቱ ነገር እንደገና አጠራጠረኝ። ስተይብ ማውስ ብዙ አልነካም። የሠርግ ካርድ ስዘረጋ፣ ጌጥ ስጎትት ግን ወደ 1080 እቀይራለሁ። በታይፕ ሲ መለወጫ 60 ይገኛል የሚል ሰምቻለሁ፣ የሞከረ አለ?

የደብረሲናው_ጠጋኝ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:30

ዓይኑ ያንቺ ነው፣ አልከራከርም። መለወጫው ሁለት ነገር ይፈልጋል። የላፕቶፑ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ምስል የሚያወጣ መሆን አለበት፣ ብዙዎቹ ቻርጅና ፋይል ብቻ ናቸው። መለወጫው ራሱም 4ኬ በ60 ብሎ የተጻፈበት ይሁን። «4ኬ» ብቻ የሚለው በ30 ነው ሊሆን የሚችለው። ሳይሰካ እንዳይሸጡልሽ፣ ላፕቶፑን ይዘሽ ሂጂ።

መምህር_እነዋሪ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:05

ይቅርታ፣ የእኔን ጉዳይ ላስገባ። ክፍል ውስጥ 32 ኢንች ቲቪ አለን፣ ለተማሪ ጽሑፍ እናሳይበታለን። እዚህ የተባለውን ሁሉ አደረግኩ። ማለስለሻ የሚባል ሜኑ ጭራሽ የለውም፣ Sharpness አወረድኩ፣ መስመሩም አልተቆረጠም። ፊደሉ ግን አሁንም ብዥ ነው። ላፕቶፑ 1920 በ1080 ነው የሚልከው።

የደብረሲናው_ጠጋኝ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:40

መምህር፣ ካርቶኑ ወይም ጀርባው ላይ HD Ready የሚል ካለ የፓነሉ ነጥብ ብዙ ጊዜ 1366 በ768 ነው። 1080 ሲቀበል እየጨመቀ ነው የሚያሳየው፣ የቱንም ሜኑ ቢያጠፉ ያ መጨመቅ አይቀርም። 1366 በ768 በኤችዲኤምአይ የሚቀበል ከሆነ ይሞክሩት። የማይቀበሉ አሉ፣ ያኔ አሮጌው የቪጂኤ ቀዳዳ ካለው በእሱ ሊሳካ ይችላል።

መምህር_እነዋሪ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:52

ዝርዝሩ ውስጥ 1360 በ768 ነው ያለው፣ 1366 የለም። በእሱ በጎንና በጎን ቀጭን ጥቁር ቀረ፣ ፊደሉ ግን ተሻለ መሰለኝ። ወይስ ምኞቴ ነው? ቪጂኤ ኬብል ፈልጌ እመለሳለሁ።

ፊደል_ለቃሚ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:40

ኧረ ጉድ! ዛሬ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ቲቪውን ሳበራ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመልሷል። ቀለሙ የሚጮህ፣ Sharpness 50፣ ነጩ ጠርዝ፣ ሁሉም! PC የሚለው ብቻ ነው የቀረው። ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር፣ እሱ ይሆን?

ቆሎ_ከሞላሌ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:58

የእኔም መብራት በሄደ ቁጥር ድምፁ ይቀየራል። መብራት ነው።

የደብረሲናው_ጠጋኝ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:10

ጋሽ ቆሎ፣ የእርስዎን ሳላይ አልፈርድም። የእሷ ግን መብራት አይመስለኝም። ቲቪው ሱቅ ውስጥ ለእይታ ተሰቅሎ ነበር ብላ ነበር እኮ፣ እኔም መጀመሪያ ማየት ሲገባኝ አለፍኩት። የሱቅ ሞድ ላይ ነው የቀረው። በዚያ ሞድ ገዢ የነካካውን ቅንብር ቲቪው ራሱ ወደ ደማቁ ይመልሰዋል፣ ሌላ ገዢ ሲመጣ እንዲያምርለት። Usage Mode ወይም Store Mode የሚል ፈልጊ፣ ካልተገኘ አጠቃላይ ቅንብሩን አጥፍተሽ እንደ አዲስ ስታስጀምሪው «ቤት ወይስ ሱቅ» ይልሻል። ቤት በይው።

ፊደል_ለቃሚ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:15

Retail ይል ነበር! Home አደረግኩት፣ ሁሉንም ከሥር ጀምሬ አስተካከልኩ። አራት ቀኑ ነው፣ በመሃል መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ፣ አልተነካም። የታይፕ ሲ ቀዳዳዬ ምስል አያወጣም፣ ስለዚህ በ30ው ቀጥያለሁ። «ይቀየር» ላለኝ ሰውዬ «ሴ»ን በቀይ ጽፌ አሳየሁት፣ «ቅንብር ነው እንዴ» ብሎ ሄደ።

መምህር፣ ቪጂኤው ተገኘ?